ከ9 ወር ዝምታ በኋላ ለተመዝጋቢዎች የተጻፈ ደብዳቤ፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

መነሻ

አንዲት የልብስ ስፌት መኪና ጥገና ባለሙያ ዩቲዩብ ላይ ቻናል አላት። ለዓመታት በየሳምንቱ ቪዲዮ ትለቅ ነበር። ከዚያ ድንገት ጠፋች። 9 ወር ሙሉ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈችም። ስትመለስ ደግሞ ይዛው የመጣችው ቪዲዮ እንደ ድሮው አልነበረም። ቀድሞ 40 ደቂቃ ገደማ እያወራች፣ መኪናውን ከመፍታት እስከ መግጠም ታሳይ ነበር። አዲሱ 12 ደቂቃ ገደማ ነው። ንግግር የለውም። የሚታየው እጇና መኪናው ብቻ ነው፤ ማብራሪያው ስክሪኑ ላይ ይጻፋል።

እኔ ቪዲዮ አልሠራም፣ የጽሑፍ አርታኢ ነኝ። ለተመዝጋቢዎቿ ልትልክ ያዘጋጀችውን ደብዳቤ ልካልኝ «እስኪ ተመልከተው፣ ይሄ ሰው ፊት ይቀርባል?» አለችኝ። እዚህ የጻፍኩት በፈቃዷ ነው። ማንነቷን የሚያሳብቅ ነገር አውጥቻለሁ።

ጉዳዩን መመዝገብ የፈለግኩት ደብዳቤው ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ መሥራት ስለነበረበት ነው። አንደኛው የት ጠፍታ እንደነበር መንገር፣ ሁለተኛው ቪዲዮው መቀየሩን ማሳወቅ። ሁለቱ ቶሎ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። ስለ መጥፋቱ ብዙ ሲወራ ለውጡ ሳይሰማ ያልፋል። ለውጡ ብቻ ሲነገር ደግሞ ሰው «ለመሆኑ የት ነበርሽ?» ማለቱ አይቀርም።

ለምን ጠፋች?

የጠፋችበት ምክንያትና ቪዲዮው የተቀየረበት ምክንያት አንድ ነው፤ ድምፅ። ስታስረዳ የመኪናው ሞተር ይዞራል። ከሞተሩ በላይ ለመሰማት ጮክ ትላለች። የ40 ደቂቃ ቪዲዮ ደግሞ በ40 ደቂቃ አይቀረጽም፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ድምፅዋ መጀመሪያ ሻከረ፣ ቀጥሎ ማታ ማታ ጭራሽ ይዘጋ ጀመር። ሐኪም የድምፅ አውታሯ ላይ ትናንሽ እባጮች አገኘ። ለተወሰነ ጊዜ መናገር ተከለከለች፣ ማንሾካሾክም ጭምር። ከዚያ የድምፅ ልምምድ ሕክምና ጀመረች። ድምፅዋ ተመለሰ፤ ለረጅም ሰዓት ጮክ ብሎ ማውራት ግን ከእንግዲህ እንደማይሆን ተነገራት።

ለምን ለተመልካቾቿ ሁለት መስመር እንዳልጻፈች ጠይቄያት ነበር። «በየሳምንቱ የሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ እያልኩ ነዋ» አለችኝ። እየዘገየ ሲሄድ ደግሞ ሁለት መስመር የማይበቃ መሰላት። ረጅም ዝምታ ረጅም ማብራሪያ የሚጠይቅ ይመስላል። ማብራሪያው ሲረዝም መጻፉ ይከብዳል። ብዙ ባለቻናል የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው ብዬ አስባለሁ።

ዝምታው ዋጋ ያስከፍል ነበር። በየወሩ በፈቃዳቸው ገንዘብ የሚደግፏት ሰዎች አሉ፤ ምንም ቪዲዮ ባልወጣበት ጊዜ ሁሉ ክፍያው በራሱ ሲቆረጥባቸው ነበር። በሌላ በኩል ዩቲዩብ 6 ወርና ከዚያ በላይ ቪዲዮም ሆነ ፖስት ያልለቀቀን ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ ሊያስወጣው እንደሚችል ሕጉ ላይ አስፍሯል። እሷን አላስወጣትም። ግን ሕጉን ያወቀችው ከተመለሰች በኋላ ነው። አንዲት አጭር ፖስት ብትለጥፍ ኖሮ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምርላት ነበር።

የመጀመሪያው ረቂቅ

ረቂቁ ሁለት ገጽ ነበር። ከሦስት አራተኛው በላይ ስለ ሕመሟ ነው። ምርመራው፣ የሐኪሙ ፊት፣ ቤት ውስጥ በወረቀት እየጻፈች መነጋገሯ፣ ሁሉም አለ። አጻጻፉ መጥፎ አልነበረም፤ እንደውም አንጀት ይበላል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው።

ስለ ቪዲዮው ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፣ ያውም መጨረሻው ላይ፦ «ቪዲዮዎቹም ከበፊቱ ትንሽ ለየት ይላሉ።» እስቲ አስቡት። አንድ ሰው ድምፅዋን እየሰማ ሲማር ኖሯል። አዲሱን ሲከፍት ሰው አይናገርም። ይሄ «ትንሽ ለየት» አይደለም። ስልኩ የተበላሸ መስሎት ድምፅ ሲጨምርና ሲቀንስ ይቆያል። (ይህ ቀልድ አይደለም። ደብዳቤው ሳይደርሳቸው ቪዲዮውን ካዩት ሰዎች «ድምፅ የለውም፣ እኔ ጋ ነው ወይስ?» የሚል ኮሜንት መጥቷል።)

ይቅርታው በየአንቀጹ ነበር። ሰው ይቅርታ ሲበዛበት ማጽናናት ይጀምራል። «አይዞሽ»፣ «እግዜር ይማርሽ» የሚል መልስ ይጎርፋል። ደስ ይላል፤ ግን እሷ የሚያስፈልጋት አዲሱ አሠራር ለተማሪው ይገባው እንደሆነ ማወቅ ነው። የሚያጽናና ሰው ደግሞ ትችት አይጽፍም፣ ያፍራል። ረቂቁ እንዳለ ቢላክ ኖሮ በጣም የሚያስፈልጋትን መረጃ በራሷ እጅ ዘግታው ነበር።

የመጨረሻው ነገር ቃል መግባቷ ነው። «ከአሁን ጀምሮ በየሳምንቱ ሳላቋርጥ እገኛለሁ» ይላል። ያን ጊዜ የተቀረጸ ቪዲዮ አንድም አልነበራትም። ድምፅዋም ገና ልምምድ ላይ ነበር። ከ9 ወር በኋላ የመጣ ሰው የገባው ቃል በሦስተኛው ሳምንት ከፈረሰ፣ ሁለተኛ ደብዳቤ የሚያነብለት አይኖርም።

ምን ተደረገ?

መጀመሪያ ደብዳቤውን አስቀመጥነው። «አራት ቪዲዮ ቀርጸሽ ጨርሺ፣ ከዚያ እንልከዋለን» አልኳት። አልተዋጠላትም፤ ሰው እየጠበቀ ነው አለች። ግን 9 ወር የጠበቀ ሰው ጥቂት ሳምንት ቢጨመርበት አይጎዳም። አራቱ ካለቁ ደብዳቤው ውስጥ ያለው ቀን ሁሉ እጅ ላይ ስላለ ነገር ይሆናል።

እሷ ስትቀርጽ እኔ ከድሮ ቪዲዮዎች ሥር ያሉትን ኮሜንቶች አነበብኩ። ሰዎቹ የሚጠይቁት በግልጽ ይታይ ነበር። ትመለሻለሽ ወይ? መቼ? የድሮዎቹ ይጠፋሉ እንዴ? «ምን ነካሽ?» የሚለውም አለ፤ ግን አብዛኛው ሰው የሚጽፈው ስለ መኪናው ነው። ደብዳቤው የአንባቢውን ጥያቄ በአንባቢው ቅደም ተከተል እንዲመልስ ወሰንን። ተመልሻለሁ፣ ቪዲዮው ይኸው፣ የተቀየረው ይህ ነው፣ ምክንያቱ ይህ ነው።

ስለ ሕመሙ ስንት ይነገር? እዚህ ላይ ተከራክረናል። የተስማማንበት መለኪያ አንድ ነው፦ ለውጡን ለመረዳት የሚያስፈልገው ያህል። ድምፅዋ መታመሙ መነገር አለበት፣ አለዚያ ዝም ያለ ቪዲዮ ትርጉም አይኖረውም። የምርመራው ዝርዝርና የቤቷ ሁኔታ ግን ቪዲዮው ላይ የሚቀይረው ነገር የለም። ወጣ።

የተላከው ደብዳቤ

ሙሉውን አስቀምጠዋለሁ፤ ከማብራራት ማሳየቱ ይሻላል።

«ሰላም ለእናንተ። የስፌት መኪና ጥገና ቪዲዮዎችን የምሠራው እኔ ነኝ። ይህ ኢሜይል የደረሳችሁ አዲስ ቪዲዮ ሲወጣ እንዲነገራችሁ ስለተመዘገባችሁ ነው። ካሁን በኋላ ካልፈለጋችሁት፣ ከዚህ መስመር ሥር ያለውን ተጭናችሁ መውጣት ትችላላችሁ።

ቪዲዮ መልቀቅ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው ዛሬ ወጥቷል። ስፌት የሚዘል መኪና እንዴት እንደሚስተካከል ያሳያል። ቀጣዮቹ ሦስቱ ተቀርጸው አልቀዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ፕሮግራም አራተኛው ሲወጣ እነግራችኋለሁ።

ቪዲዮዎቹ ተቀይረዋል። ድሮ 40 ደቂቃ ገደማ እያወራሁ አንድን መኪና ከመፍታት እስከ መግጠም አሳይ ነበር። አሁን አንድ ቪዲዮ አንድ ብልሽት ብቻ ይይዛል፤ 12 ደቂቃ ገደማ ነው። እኔ አልናገርም። የምታዩት እጄንና መኪናውን ነው፤ ማብራሪያው ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። የመኪናው ድምፅ ግን አለ፤ ብዙ ብልሽት በድምፅ ስለሚለይ ድምፁን ክፍት አድርጋችሁ እዩት።

የቀየርኩት ድምፄ ታሞ ስለነበረ ነው። የጠፋሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። አሁን ደህና ነኝ፤ ግን ሞተር እየዞረ ለረጅም ሰዓት መናገር አልችልም። ወደ ድሮው አሠራር አልመለስም። ሳልነግራችሁ በመጥፋቴ ይቅርታ።

የድሮዎቹ ቪዲዮዎች ባሉበት ይቆያሉ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አዲሱን ቪዲዮ ስታዩ ግራ የገባችሁ የቱ ጋ ነው? ደቂቃውን ብቻ ጻፉልኝ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።»

ሁለት ነገር ላይ ልቁም። «ወደ ድሮው አሠራር አልመለስም» የሚለውን ማስገባት አልፈለገችም ነበር፤ ጨካኝ መሰላት። ካልተጻፈ ግን ሰው የድሮው እስኪመለስ ይጠብቃል፣ አዲሱንም እንደ ጊዜያዊ ነገር ያየዋል። ሌላው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። «አዲሱ ቪዲዮ እንዴት ነው?» ብትል «አሪፍ ነው» ከሚል መልስ በቀር የምታገኘው የለም። ደቂቃ ስትጠይቅ ግን ሰው ሳያፍር «4፡20» ብሎ ይልካል። እንደ ትችት አይሰማውም።

አላላኩ

በየወሩ የሚከፍሉት ሰዎች ከሁሉም በፊት፣ ለብቻቸው ተጻፈላቸው። ያለ ቪዲዮ የተቆረጠባቸውን ገንዘብ መመለስ ለሚፈልግ እንደምትመልስ ነገረቻቸው። ሌላው ሕዝብ በሚያነበው ደብዳቤ ውስጥ የገንዘብ ጉዳይ አልገባም። የከፈለ ሰው ዜናውን ካልከፈለው ጋር እኩል መስማት የለበትም። ገንዘቡን የጠየቁት ጥቂት ናቸው።

ኢሜይሉ ሌላ ጥንቃቄ ነበረው። ለ9 ወር ምንም ያልደረሰው ሰው መመዝገቡን ይረሳል። ያላወቀው ኢሜይል ሲመጣ «ስፓም» የሚለውን ይጫናል። ይህ ሲበዛ ቀጣዮቹ ኢሜይሎች ለሚፈልጋቸው ሰው እንኳ ሳይታዩ ይቀራሉ። ጂሜይል ለምሳሌ በብዛት የሚልኩ ሰዎች የስፓም ቅሬታቸው 0.3 ከመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃል፤ ከ1,000 ኢሜይል ሦስት ሰው ከተጫነ ደረሰ ማለት ነው። ደብዳቤው «እኔ ነኝ፣ የደረሳችሁም በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ የጀመረውና መውጫውን ከላይ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የተላከውም ድሮ ኢሜይሎቿን ይከፍቱ ለነበሩት ነው፤ ሌሎቹ በቀጣዮቹ ቀናት በየተራ።

ዩቲዩብ ላይ ያጠረው ቅጂ እንደ ፖስት ወጣ። ተመዝግቦ ደወሉን ያልተጫነ ሰው ፖስቱን ላያየው ይችላል፤ እንዲያውም የተመዘገበ ሁሉ ያየዋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያያቸው የድሮ ቪዲዮዎች ሥር አጭር ኮሜንት ጽፋ ከላይ ሰካችው። አራቱን ቪዲዮ በአንድ ቀን መልቀቅም አስባ ነበር። ዩቲዩብ ለአንድ ተመልካች ከአንድ ቻናል በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት በላይ ማሳወቂያ አይልክም። አራተኛው ሳይነገርለት ይቀር ነበር፤ ከዚያም በላይ የመጀመሪያው ላይ የታየውን ስህተት ሁለተኛው ላይ ለማረም ጊዜ አይኖራትም።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ የሠራው የደቂቃው ጥያቄ ነው። ብዙ መልስ አንድ ቦታ ላይ ተከመረ። መርፌው ከታች ተነስቶ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር፣ የመንጠቆው ጫፍ ከመርፌው ቀዳዳ ትንሽ ከፍ ብሎ ማለፍ አለበት። ይህ ካልገጠመ መንጠቆው ክሩን አይዝም፣ ስፌቱም ይዘላል። ቪዲዮው ላይ ይህን የሚያስረዳ ሁለት መስመር ጽሑፍ ከታች ወጥቷል፤ በዚያችው ቅጽበት እጇ መኪናውን ያዞራል። ተመልካቹ ጽሑፉን ሲያነብ መንጠቆው ያመልጠዋል፣ መንጠቆውን ሲያይ ጽሑፉ ይጠፋል።

የዩቲዩብ ግራፍም ይህንኑ ነው ያሳየው። ሰው ምን ያህል እንደቆየ የሚያሳየው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ይወርዳል። እዚያ ቦታ ላይ ግን ወደ ላይ ተነስቷል። ተመልካቹ እየመለሰ አይቶታል ማለት ነው። ግራፉን ብቻ ያየ ሰው «ይህ ክፍል ተወዷል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ደብዳቤው ያመጣቸው መልሶች ናቸው ግራ መጋባት መሆኑን የነገሯት።

ከሁለተኛው ቪዲዮ ጀምሮ አሠራሩን ለወጠች። ጽሑፍ ሲወጣ እጇ ይቆማል። ጽሑፉ አንድ መስመር ብቻ ነው። ረጋ ብሎ ሁለት ጊዜ ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ ይቆያል። ከዚያ ጽሑፉ ይጠፋል፣ እጇ ይንቀሳቀሳል። ፊደሉም ትልቅ ሆነ፤ ኮምፒውተር ላይ ያማረው በስልክ አይነበብም ነበር። ቪዲዮውንም በምዕራፍ ከፈለችው፤ ንግግር በሌለበት ቪዲዮ የምዕራፉ ርዕስ የተናጋሪውን ቦታ ይተካል። ዩቲዩብ ምዕራፎቹን የሚያወጣው የመጀመሪያው ሰዓት 00:00 ሲሆን፣ ቢያንስ ሦስት ሲሆኑና እያንዳንዱ ቢያንስ 10 ሰከንድ ሲረዝም ነው። ስፌት የሚዘል መኪናን የሚያሳየው ቪዲዮ መግለጫ እንዲህ ሆነ፦

```
00:00 ምልክቱ
00:40 መርፌውን መቀየር
03:10 የክሩ መወጠሪያ
06:05 መንጠቆውና መርፌው
```

ያልሠራውም አለ። ደብዳቤው ላይ ያላሰብናቸው ሰዎች ነበሩ። እጃቸው ሥራ ላይ ሆኖ ቪዲዮውን እንደ ሬዲዮ የሚሰሙ። የማየት ችግር ያለባቸውም ጻፉ። ለእነሱ አዲሱ ቪዲዮ ምንም አይሰጥም። «አልመለስም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሁሉ በላይ የከበደው ለነዚህ ነው። ከሦስተኛው ጀምሮ አብራት የምትሠራ ልጅ ጽሑፉን ጸጥ ባለ ክፍል አንብባ እንደ ተጨማሪ ድምፅ አስገቡት። ግማሽ መፍትሔ ነው። እጅ የሚያደርገውን በቃል መግለጽ ሌላ ጽሑፍ ይጠይቃል፤ ያን እስካሁን አልሠሩትም።

ሌላው ጉድለት የለውጡ ነው። ርዝመቱም ንግግሩም በአንድ ጊዜ ተቀየሩ። የመጀመሪያው ቪዲዮ ብዙ ተመልካች ሲያገኝ ሁለተኛው ቀነሰ። የመጀመሪያው ላይ የመጣው ሰው ግማሹ የመጣው እሷን ፍለጋ ስለሆነ ያን ቁጥር መለኪያ ማድረግ አይቻልም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ የሄዱት ግን በማጠሩ ይሁን በዝምታው መለየት አልተቻለም። የጤናዋ ነገር ባይሆን ኖሮ አንዱን አስቀድማ ብትቀይር ይሻል ነበር።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ድምፅ ላልታመመ ሰው ከዚህ ጉዳይ የሚተርፈው መጀመሪያ ቅደም ተከተሉ ነው። ሥራው ይቅደም፣ ደብዳቤው ይከተል። የተቀረጸ ነገር ሳይኖር የተጻፈ ደብዳቤ ቃል መግባት እንጂ ማሳወቅ አይሆንም። ቀን የሚጻፈው እጅ ላይ ላለው ብቻ ነው። ከዚያ ያለው «በዚህ ጊዜ እነግራችኋለሁ» ተብሎ ይታለፋል። እሷም አራተኛው ሲወጣ ወደ ሦስት ሳምንት አንዴ እንደምትሄድ ነገረቻቸው፤ ማንም አልተቆጣ።

ለውጡ ሲነገር «አዲስ ፎርማት» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ርዝመቱ፣ የሚናገረው ሰው፣ በስንት ጊዜ እንደሚወጣ፣ የድሮው ምን እንደሚሆን፣ እነዚህ አራቱ ከታወቁ ተመልካቹ ከፍቶ አይደነግጥም። ከመላኩ በፊት ደግሞ አዲሱ አሠራር ማንን እንደሚያስቀር መጠየቅ ያስፈልጋል። እኛ ይህን የጠየቅነው ኮሜንት ከመጣ በኋላ ነው።

ምክንያቱ የማይነገር ሲሆንስ? የትዳር ጉዳይ፣ ሐዘን፣ የፍርድ ቤት ነገር ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሁለቱን መለያየት ነው የሚሻለው። ስለ መጥፋቱ «በግል ጉዳይ ጠፍቼ ነበር፣ ሳልነግራችሁ በመቅረቴ ይቅርታ» ይበቃል። ለለውጡ ግን ራሱን የቻለ እውነተኛ ምክንያት መሰጠት አለበት፤ የቀረጻ ጊዜ ማነስ ይሁን፣ ብቻን መሥራት ይሁን። የማይነገረውን ለመሸፈን የተፈጠረ ምክንያት ቶሎ ይታወቃል። «ጊዜ አጥሮኝ ነው ያሳጠርኩት» ያለ ሰው በሚቀጥለው ወር በሌላ ቻናል ላይ የሁለት ሰዓት ውይይት ላይ ከታየ፣ ከድሮ ቪዲዮዎቹ ሥር ያለው ጥያቄ እንደገና ይጀምራል።